ስድስቱን የቬትናምኛ ቃናዎች ለጀማሪ ማስተማር፦ ሁለት ሁለቱን እያጋጠሙ

ቬትናምኛ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰንጠረዥ ነው። «ማ» የምትለው ቃል ስድስት ጊዜ ተጽፋ፣ በላይዋ ወይም በሥሯ ልዩ ልዩ ምልክት ተደርጎባት ትቀርባለች። መምህሩ ስድስቱን አከታትሎ ያነባል፣ ተማሪውም ተከትሎ ይላል። በሳምንቱ ሰንጠረዡን ሳይሳሳት በቃሉ ይወጣዋል። አንዷን ብቻ ነጥለው ቢያሰሙት ግን የትኛዋ እንደሆነች አይለይም፤ የያዘው ተራቸውን እንጂ ቃናቸውን አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሰንጠረዡን አያስቀድምም። ሁለት ሁለት ቃናዎችን እያጋጠመ፣ ጆሮን ከአፍ አስቀድሞ ይሄዳል።

ከመነሻው ለተማሪው መንገር የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። ቃና ሲባል የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ይመስለናል። የሃኖይ አነጋገር ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ድምፁ ወዴት ይሄዳል? ጉሮሮው ክፍት ነው ወይስ ይዘጋል? ቃሉ ይረዝማል ወይስ ባጭሩ ይቆረጣል? ከፍታና ዝቅታን ብቻ ይዞ የሚለፋ ተማሪ ዜማው ትክክል ሆኖ ሳለ የማይሰማለት ሁለቱን ስለሚተዋቸው ነው።

ደረጃ 1፦ የየትኛውን አካባቢ አነጋገር እንደሚያስተምሩ ይወስኑ

ጽሑፉ ለመላው አገር አንድ ነው፤ አነጋገሩ ግን ይለያያል። በሃኖይና በሰሜኑ ስድስቱም ቃናዎች ተለይተው ይሰማሉ። በሳይጎንና በደቡቡ «ሆይ» እና «ንጋ» የሚባሉት ሁለቱ በአፍ አንድ ስለሆኑ የሚሰሙት አምስት ናቸው፤ «ናንግ» የሚባለውም እንደ ሰሜኑ ጉሮሮ አይዘጋም። መሐል አገር ያለው የሁዌ አነጋገር ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ነው።

ምርጫው ተማሪው ከማን ጋር መነጋገር እንደሚፈልግ በማየት ይወሰናል። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ ፎልስ ቸርች ወዳለው ኤደን ሴንተር ገበያ ጎራ ሲል የሚሰማው በአብዛኛው የደቡቡን አነጋገር ነው፤ ከ1975 በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸውና። ለትምህርት ወይም ለሥራ ሃኖይ የሚሄድ ሰው የሰሜኑን ይያዝ። እኔ እዚህ በሰሜኑ እቀጥላለሁ። ስድስት የለመደ ጆሮ በኋላ ሁለቱን ማዋሐድ አይከብደውም፤ አምስት ለምዶ ስድስተኛ መለየት ግን ይከብዳል። የትኛውንም ቢመርጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሁለቱን ቅጂ አያደባልቁ።

ደረጃ 2፦ ስማቸውንና አጻጻፋቸውን በአንድ ጊዜ

ቃናዎቹ ስም አላቸው፦ ንጋንግ፣ ሁየን፣ ሳክ፣ ናንግ፣ ሆይ፣ ንጋ። እያንዳንዱ ስም ራሱ በስሙ ቃና ነው የሚነገረው፤ «ሳክ» ሲባል ድምፁ ይወጣል፣ «ሁየን» ሲባል ይወርዳል። ስለዚህ ስሙን በትክክል ያለ ሰው ናሙናውን አብሮ ይዟል።

ምልክቶቹም ቢሆኑ አያስቸግሩም። ንጋንግ ምልክት የለውም። ሁየን ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ ጭረት ነው፣ ሳክ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወጣ። ናንግ ከአናባቢው ሥር የምትቀመጥ ነጥብ ነው። ሆይ ነጥብ የሌለው የጥያቄ ምልክት ይመስላል፤ ንጋ ሞገደኛ መስመር ነው። እነዚህ ምልክቶች አሌክሳንደር ደ ሮድ የተባለው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ በ1651 ሮም ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥም አሉ።

ተማሪው በስልኩ ላይ የቬትናምኛ ገበታ ይጫንና Telex የሚባለውን አጻጻፍ ይምረጥ። በዚህ አጻጻፍ ቃሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለቃናው አንድ ፊደል ይጨመራል፦

```
ma     ma
maf    mà
mas    má
maj    mạ
mar    mả
max    mã
```

በግራ ያለው የሚመታው፣ በቀኝ ያለው የሚወጣው ነው። ትርጉማቸው በተራ፦ ሙት መንፈስ፣ «ግን»፣ ጉንጭ፣ የሩዝ ችግኝ፣ መቃብር፣ ፈረስ። ይህን ዘዴ የምወደው ጣት ስለማይዋሽ ነው። ተማሪው የሰማውን ቃል ለመጻፍ ከአምስቱ ፊደላት አንዱን መምታት ወይም ሁሉንም መተው አለበት፤ በጭንቅላቱ «ገብቶኛል» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ደረጃ 3፦ አፍ ይዘጋ፣ ጆሮ ይሥራ

የመጀመሪያው ሳምንት ማዳመጥ ብቻ ነው። የቬትናም ተወላጅ የሆነ ሰው ፈልገው ከታች ያሉትን ቃላት በስልክ ያስቀዱ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ይበል፤ ተራቸው ግን የተዘበራረቀ ይሁን። አለበለዚያ ጆሮው ቃናውን ትቶ ተራውን ይይዛል።

```
ba      bà
dưa     dừa     dứa
bàn     bán     bạn
sửa     sữa
nghỉ    nghĩ
```

በአንድ ረድፍ ያሉት ቃላት በቃና ብቻ ይለያያሉ። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ዓይነት ጥንድ እንግዳ አይደለም፤ «ገና» ላልቶ «እስካሁን»፣ ጠብቆ በዓሉ ነው፣ «ዋና»ም እንደዚሁ። ልዩነቱን በጽሑፍ ሳናይ በጆሮ እንለየዋለን። ተማሪዎ ከቤንች ማኅበረሰብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀልለታል፤ የቤንች ቋንቋ አምስት የቃና ደረጃዎች ያሉት በመሆኑ በቋንቋ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

የማዳመጡ ሥራ እንዲህ ነው። ሁለት ቃላት ብቻ ይያዙ፤ የመጀመሪያዎቹ «ባ» በንጋንግ (ሦስት) እና «ባ» በሁየን (ሴት አያት) ይሁኑ። 20 ጊዜ፣ እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ አዘበራርቀው ያሰሙ። ተማሪው «ሦስት» ወይም «አያት» ብሎ ይመልስ፤ እርስዎም የተባለውንና የተመለሰውን ጎን ለጎን ይመዝግቡ። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ወደ 10 ገደማ ያገኛል፤ ስለዚህ 13 ወይም 14 ማግኘት ገና ምንም አያሳይም። በሁለት የተለያዩ ቀናት 18 እና ከዚያ በላይ ካገኘ ወደ ቀጣዩ ጥንድ ይለፉ።

የጥንዶቹ ተራ፦ በመጀመሪያ ንጋንግ ከሁየን፤ ቀጥሎ ሳክ ይታከልና ሁለተኛው ረድፍ ይወሰድ፣ እሱም ሐብሐብና መሰሎቹ፣ ኮኮነት፣ አናናስ ነው፤ ከዚያ በሦስተኛው ረድፍ ናንግ ይመጣል፣ እነሱም ጠረጴዛ፣ መሸጥ፣ ጓደኛ ናቸው። ሆይና ንጋ እስከዚያ ይቆዩ። የሁለተኛው ረድፍ አናባቢ የሚጀምረው በእኛው «እ» መሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ እድል ነው፤ ሌሎች የውጭ አገር ተማሪዎች ብዙ የሚለፉበትን ድምፅ እኛ በነፃ አግኝተነዋል። በሃኖይ አፍ «ዝኧ» ይባላል።

ደረጃ 4፦ አራቱ ለአፍ

ጆሮው ጥንዱን ከለየ በኋላ አፍ ይከፈት። በቅድሚያ ተማሪው ሳይጨነቅ «አ» ይበል። ያ የእርሱ መሐል ነው። ቃና የሚለካው በዚህ ከራሱ መሐል እንጂ ከመምህሩ ድምፅ አይደለም፤ ወንድ የሴትን ከፍታ ለመምሰል ሲታገል ጉሮሮውን ያስጨንቃል፣ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ሳክ ይሆናል።

ንጋንግ ከዚያ መሐል ጥቂት ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀላል ይመስላል፤ ግን እኛ የምንሳሳትበት እዚህ ነው። ዓረፍተ ነገር ስንጨርስ ድምፃችን በልማድ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ «ሦስት» ሊል የፈለገው «አያት» ይላል። መድኃኒቱ ቃሉን እስከ መጨረሻው በአንድ ከፍታ መያዝና ሳይወርዱ መቁረጥ ነው። ሁየን በተቃራኒው ዝቅ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ትንፋሽ የበዛበት፣ ረዘም ያለ፣ ጉሮሮው የላላ ነው።

ሳክ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ስሕተቱ ሁሌ አንድ ነው፦ ተማሪው ከላይ ይጀምርና የሚወጣበት ቦታ ያጣል። ከታች እንዲጀምር ማድረግ ይበቃል።

ናንግ ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ አጭር ነው፣ መጨረሻው ላይ ጉሮሮ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላም የሚወጣ ትንፋሽ የለም። ጉሮሮ መዝጋት ለኛ አዲስ አይደለም፤ «ቅ» ወይም «ጥ» ስንል እንዘጋዋለን። ተማሪው «ማቅ» ሊል ተዘጋጅቶ «ቅ» ከመውጣቷ በፊት እዚያው ጉሮሮው ላይ ይቁም፤ ምላሱ አይነሣ። የሚቀረው «ማ» በናንግ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ተማሪዋ «ጠረጴዛ» እና «ጓደኛ» የሚሉትን፣ በእኛ ፊደል ሁለቱም «ባን» የሆኑትን፣ 10 ጊዜ 10 ጊዜ ከካርድ አንብባ አንድ ቬትናማዊ ካርዱን ሳያይ የሰማውን ጻፈ እንበል። «ጠረጴዛ» ያለችውን 10ሩንም «ጠረጴዛ» ብሎ ሰማ። «ጓደኛ» ካለችው ግን 3ቱን ብቻ «ጓደኛ»፣ 7ቱን «ጠረጴዛ» ብሎ ጻፈ። በድምሩ 13 ነው። ድምሩ ብቻ ቢታይ «ቃና አልገባትም» ያሰኛል፤ ሁለቱ ዓምዶች ግን ችግሩ ናንግ ብቻ መሆኑን፣ ሁየኗ ደህና መሆኑን ያሳያሉ። ስለዚህ ሁየንን እንድትደግም ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ምክንያቱ ይፈለጋል። እዚህ Praat የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይረዳል፤ የሠሩት ሁለት የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ናቸው። ሁለቱን ቃላት ቀድተው View & Edit የሚለውን ሲጫኑ ሰማያዊ መስመር የድምፁን መውጣትና መውረድ ይሥላል። የከፍታው ክልል ለሴት ከ100 እስከ 500፣ ለወንድ ከ75 እስከ 300 ኸርዝ ቢሆን ጥሩ ነው። የተማሪዋ ሁለቱ መስመሮች እኩል ዝቅ ይላሉ፤ ርዝመታቸውም እኩል ነው። ችግሩ እሱ ነው፦ «ጓደኛ»ም እንደ «ጠረጴዛ» ረዝሟል፣ ጉሮሮውም ስላልተዘጋ «ን» እስከ መጨረሻው ድረስ ታዝማለች። ማስተካከያው ከፍታውን ሳይነኩ «ን» ገና ስትጀምር ጉሮሮ መዝጋት ነው። በትክክል ሲባል መስመሩ አጭር ይሆናል፣ መጨረሻውም ላይ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል። ያ መጥፋት የፕሮግራሙ ጉድለት አይደለም፤ ጉሮሮው መዘጋቱን የሚያሳይ ነው።

ኮምፒውተር ከሌለ ጣትን ጉሮሮ ላይ ማድረግ ይቻላል። በሁየን ንዝረቱ ቀስ እያለ ይከስማል፤ በናንግ በድንገት ይቆማል።

ደረጃ 5፦ ሆይና ንጋ

እነዚህን ከአራቱ በኋላ ማምጣት የተሻለበት ምክንያት እያንዳንዳቸው ከቀደሙት ጋር ስለሚምታቱ ነው፤ ሆይ ከሁየን፣ ንጋ ከሳክ።

መጽሐፍ ሆይን «ይወርድና ይወጣል» ይለዋል። በጥንቃቄ ሲነገር እውነት ነው። በፈጣን የሃኖይ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ መውጫው አይሰማም፤ ወርዶ እዚያው ሻከር ብሎ ይቀራል። መውጫውን ሲጠብቅ የነበረ ተማሪ ሁየን ሰማሁ ይላል። ስለዚህ ለጆሮ ልምምድ ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል፣ አንዱ ቃሉ ብቻውን፣ ሌላው በዓረፍተ ነገር መሐል። ለአፍ ግን የሚወርድና የሚወጣውን ያስይዙ፤ የትኛውም ሰሚ ይረዳዋል።

ንጋ እንደ ሳክ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ግን መሐሉ ላይ ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋና ድምፁ ይሰበራል፤ ከስብራቱ በኋላ ከፍ ብሎ ይጨርሳል። አፋችንን ሳንከፍት «እም-እም» ብለን «አይሆንም» ስንል በሁለቱ መሐል ያለው መቆረጥ ያው ነው። ተማሪው በቅድሚያ «ማ-ኣ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ይበል፣ ሁለተኛው ከፍ ያለ ይሁን፤ ከዚያ እያፈጠነ አንድ ቃል እስኪሆን ያቀራርባቸው። ስብራቱ ከቀረ ሰሚው ሳክ ነው የሚሰማው፤ ስብራቱ ኖሮ መጨረሻው ከወደቀ ደግሞ ናንግ ይመስላል።

ለማጋጠም የሚመቹት ከላይ በተጻፈው ዝርዝር የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ናቸው። አራተኛው መጠገንና ወተት ነው፤ አምስተኛው ማረፍና ማሰብ። በደቡብ የተማሩ ቬትናማውያን ራሳቸው ሲጽፉ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ያምታታሉ፤ ተማሪዎ እዚህ ላይ ቢዘገይ አያስደንግጥዎ።

ደረጃ 6፦ የማይኖሩትን ይሠርዙ

በ«ፕ»፣ በ«ት»፣ በ«ክ» ወይም በ«ች» ድምፅ የሚዘጋ ቃል ሳክ ወይም ናንግ ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው። ተማሪው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ከስድስት ሳይሆን ከሁለት ይመርጣል፦ አጭርና ከፍ ያለ ወይስ አጭርና ዝቅ ያለ? hát መዝፈን ነው፣ hạt ደግሞ ፍሬ። ይህን ደንብ ለተማሪ ከመስጠት በላይ ጊዜ የሚያተርፍ ነገር አላውቅም።

ደረጃ 7፦ ከአንድ ቃል ወደ ሁለት

ብቻውን ያማረ ቃና ጎረቤት ሲያገኝ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ቃላት ያስይዙ። ተማሪው ቀድሞ የሚያውቃቸው የቦታ ስሞች እዚህ ይጠቅማሉ፦

```
Việt Nam
Hà Nội
Hải Phòng
Đà Nẵng
Huế
```

የመጀመሪያው ናንግና ንጋንግ ነው፤ «ቬት» አጭርና ዝቅ ያለ፣ «ናም» ከፍ ብሎ ቀጥ ያለ። ሃኖይ ሁየንና ናንግ፣ ሃይ ፎንግ ሆይና ሁየን፣ ዳ ናንግ ሁየንና ንጋ ነው። ሁዌ ሳክ ነው። ስድስቱም በካርታው ላይ አሉ ማለት ነው። ስሞቹን በአማርኛ እንደለመድናቸው ሳይሆን በምልክታቸው ማንበብ ራሱ ሥራ ይፈልጋል።

እዚህ ደረጃ ላይ የጥያቄ ድምፀታችን ወጥመድ ይሆናል። «ይህ ጠረጴዛ ነው?» ለማለት የመጨረሻውን ቃል ከፍ ስናደርግ ሁየኑ ሳክ ይሆንና «ጠረጴዛ» የነበረው «መሸጥ» ሆኖ ይሰማል። ቬትናምኛ የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ በሚገባ ቃል ነው፤ ከነዚህ ዋነኛው không ነው፣ እሱም ንጋንግ። ተማሪው ጥያቄን ሁሉ በዚህ ቃል ዘግቶ፣ ድምፁን ሳያነሣ መጠየቅ ይልመድ።

ደረጃ 8፦ የየቀኑ 20 ደቂቃ

በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል፤ ሦስት ቦታ ቢከፈል ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል።

ጠዋት 5 ደቂቃ፦ የአንድ ጥንድ 20 ጥያቄ፣ በጆሮ ብቻ፣ በጽሑፍ ተመዝግቦ።

ቀን 5 ደቂቃ፦ መቁጠር። ከ1 እስከ 10 ያሉት ቁጥሮች ቃና በተራ ናንግ፣ ንጋንግ፣ ንጋንግ፣ ሳክ፣ ንጋንግ፣ ሳክ፣ ሆይ፣ ሳክ፣ ሳክ፣ ሁየን ነው። ደረጃ ሲወጡ ወይም ታክሲ ሲጠብቁ ይቆጠራል፤ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ እንዲሁም በዘፈቀደ የመኪና ታርጋ በማንበብ ይሁን፣ አለዚያ እንደ ሰንጠረዡ ዜማ ሆኖ ይቀራል። ከቁጥሮቹ ንጋ እንደጎደለ ልብ ይበሉ።

ማታ 10 ደቂቃ፦ መጀመሪያ ከቅጂው አሥር ቃል ሰምቶ በTelex መጻፍ። ከዚያ የራስን ድምፅ ቀድቶ ከተወላጁ ቅጂ ጋር አከታትሎ መስማት። ብቻዎን የሚማሩ ከሆነ የራስዎን ቅጂ ወዲያው አይፍረዱበት፤ በማግስቱ ጠዋት፣ ምን ለማለት እንደፈለጉ ከረሱ በኋላ፣ ሰምተው ይጻፉት። የጻፉት ከካርዱ ጋር ካልገጠመ አነጋገሩ አልተሳካም ማለት ነው።

አራቱ ቃናዎች ከተያዙና ሁለቱ ከተጀመሩ ተማሪውን ወደ ምግብ ቤት ይላኩት። የሚያዝዘው ይህን ነው፦ አንድ ፈ (ሾርባው)፣ አንድ ወተት ያለው በረዶ ቡና።

```
mootj phowr            một phở
mootj caf phee         một cà phê
suwax ddas             sữa đá
```

በዚህች ትዕዛዝ ናንግ፣ ሆይ፣ ሁየን፣ ንጋንግ፣ ንጋ፣ ሳክ ስድስቱም አሉ። «ፈ» በእኛው የግዕዝ ቤት አናባቢ ረዘም ተደርጎ ይባል፣ ወተቱም «ስኧ»። ሜኑው ላይ በጣት አይጠቆም፤ አስተናጋጁ ከጣቱ ከተረዳ ስለ ቃናው የምናውቀው ነገር የለም። ከተረዳና ትዕዛዙን መልሶ ከደገመው አደጋገሙን በጥሞና ማዳመጥ ነው። ካልተረዳ የትኛው ቃል ላይ እንደቆመ ተማሪው ይያዝ፤ የነገ ጠዋቱ 20 ጥያቄ ከዚያ ቃል ይወጣል።